የቦት ግብይት መዝገብና ዓመታዊው ግብር

የግብይት ቦት ባለቤቱ ባስቀመጠለት ደንብ መሠረት በክሪፕቶ መገበያያ ላይ ራሱ የሚገዛና የሚሸጥ ፕሮግራም ነው። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት አይ አር ኤስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ማስታወቂያ ክሪፕቶን እንደ ንብረት ቆጥሮታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሽያጭ፣ አንዱን ክሪፕቶ በሌላው መለወጥም ጭምር፣ የየራሱ ትርፍ ወይም ኪሳራ ተሰልቶለት በቅጽ 8949 ላይ ይሰፍራል። ቦቱ በአንድ ሌሊት መቶ ጊዜ ከሸጠ መቶ ስሌት ይጠበቃል።

ብዙ ቦቶች በገጻቸው ላይ የቀኑን ትርፍ ያሳያሉ። ያ ቁጥር ለግብር አይበቃም፤ ትርፍ የሚሰላው በየአገሩ ሕግ ነውና። መዝገቡ መያዝ ያለበት የተፈጸመውን ነገር እንዳለ ነው፤ ስሌቱ በኋላ ይመጣል።

ለምሳሌ አንድ ቦት ኢተርየም ሁለት ጊዜ ገዝቶ አንድ ጊዜ ሸጠ እንበል። ዋጋዎቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው።

```
time_utc,trade_id,side,qty,price,fee
2025-03-10T14:05:22Z,88121,buy,0.4,2000,1.00
2025-03-12T09:40:07Z,88307,buy,0.6,1900,1.20
2025-03-20T18:12:51Z,89010,sell,0.5,2050,1.00
```

የመጀመሪያው ግዢ ከነኮሚሽኑ 801 ዶላር፣ ሁለተኛው 1,141.20 ዶላር ፈጅቷል። ከሽያጩ ኮሚሽኑ ተቀንሶ በእጅ የገባው 1,024 ነው። በአሜሪካ ባለቤቱ የሸጠው የትኛውን እንደሆነ አስቀድሞ ካልለየ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንደወጣ ይቆጠራል። ስለዚህ የመጀመሪያው 0.4 በሙሉ፣ ከሁለተኛው ደግሞ 0.1 ተሸጠ ማለት ነው። ወጪው 801 ሲደመር 190.20፣ በድምሩ 991.20 ይሆናል፤ ትርፉም 32.80 ዶላር ነው።

የዚያው መዝገብ ባለቤት የብሪታንያ ግብር ከፋይ ቢሆን፣ ቁጥሮቹም ለቀላልነት በፓውንድ ቢወሰዱ፣ ውጤቱ ይለያል። እዚያ ግዢዎቹ በአንድ ቋት ተደምረው አማካይ ዋጋ ይወጣላቸዋል። 1 ኢተርየም 1,942.20 ከፈጀ ግማሹ 971.10 ነው፤ ትርፉም 52.90 ይሆናል። ይህ የሚሠራው ግን በሽያጩ ዕለት ወይም በተከታዮቹ 30 ቀናት ተመሳሳይ ክሪፕቶ ካልተገዛ ነው፤ ከተገዛ ሽያጩ መጀመሪያ ከነዚያ ግዢዎች ጋር ይዛመዳል። ቦት ደግሞ በየቀኑ መልሶ ይገዛል። ቀኑና መጠኑ በትክክል ካልተመዘገበ ይህን ማዛመድ አይቻልም። ከለንደን ወደ ዋሽንግተን የተዛወረ ሰው ሁለቱንም ስሌት የሚያገኘው ጥሬውን መዝገብ ከያዘ ብቻ ነው።

ከዓምዶቹ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ኮሚሽኑ የተከፈለበት ገንዘብ ነው። አንዳንድ መገበያያዎች ኮሚሽኑን በራሳቸው ክሪፕቶ ይቆርጣሉ፤ ያ ክፍያ ራሱ ንብረትን መስጠት ስለሆነ በአሜሪካ የራሱ ትርፍና ኪሳራ አለው። ግብይቱ በዶላር ካልሆነም የዚያን ሰዓት የምንዛሪ ተመን ወዲያው መጻፍ ይሻላል፤ ከወራት በኋላ ለማይታወቅ ክሪፕቶ የአንድን ደቂቃ ዋጋ መፈለግ አድካሚ ነው። ሰዓቱም ከነሰዓት ክልሉ ይጻፍ። በዋሽንግተን ታኅሣሥ 31 ቀን 2025 ከምሽቱ 3 ሰዓት የተደረገ ሽያጭ በዓለም አቀፉ ሰዓት 02:00፣ ጥር 1 ቀን 2026 ሆኖ ይመዘገባል፤ የሰዓት ክልሉ ካልታወቀ የግብር ዓመቱ ይምታታል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ቦቱ ራሱ የሚጽፈውን ማስታወሻ እንደ መዝገብ መቁጠር ነው። ቦቱ ትዕዛዝ ሲልክ ይጽፋል፤ መገበያያው ግን ያንን ትዕዛዝ በሦስት ክፍል፣ በሦስት ዋጋ ሊፈጽመው፣ ወይም ከነጭራሹ ላይፈጽመው ይችላል። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ደግሞ የተፈጸመው ሳይጻፍ ያልፋል። ስለዚህ በየዕለቱ የተፈጸሙትን ግብይቶች ዝርዝር ከመገበያያው ማውረድና በግብይት ቁጥሩ (`trade_id`) ድግግሞሹን ማጥራት ያስፈልጋል። ዓመቱ እስኪያልቅ መጠበቅ አደገኛ ነው። መገበያያ ሊዘጋ ይችላል፤ ኤፍቲኤክስ በኅዳር 2022 ለኪሳራ ሲዳረግ ብዙ ደንበኞች ሂሳባቸውን መክፈት አቅቷቸው ነበር።

መዝገቡ ሙሉ መሆኑ የሚታወቀው በማስታረቅ ነው። ከመነሻው ቀሪ ላይ ግዢና ገቢ ተደምሮ፣ ሽያጭ፣ ኮሚሽንና ወጪ ሲቀነስ መገበያያው ከሚያሳየው ቀሪ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከላይ ባለው ምሳሌ 0.4 ሲደመር 0.6፣ ሲቀነስ 0.5፣ ቀሪው 0.5 ኢተርየም ነው። መገበያያው 0.3 ካሳየ አንድ የ0.2 ሽያጭ ሳይመዘገብ ቀርቷል፣ ወይም ባለቤቱ ወደ ራሱ ዋሌት አውጥቶታል። የኋለኛው ሽያጭ ስላልሆነ ግብር የለውም፤ ነገር ግን ዝውውር ተብሎ፣ የግዢ ዋጋውን ይዞ መመዝገብ አለበት። በአሜሪካ ከጥር 2025 ወዲህ የግዢ ዋጋ የሚያዘው በየዋሌቱና በየመገበያያው ሂሳብ ስለሆነ፣ ይህ ካልተጻፈ በሌላኛው በኩል የሚደረገው ሽያጭ ወጪ የሌለው ይመስልና ገንዘቡ በሙሉ እንደ ትርፍ ሊቆጠር ይችላል።