የሁለት ደቂቃ አኒሜሽን በምን ይሠራ?

ዲላ ላይ ሦስት ሆናችሁ፣ በአንድ ኮምፒውተር፣ ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ስለመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር የሁለት ደቂቃ አኒሜሽን ልትሠሩ ነው እንበል። ታሪኩ ስለ አንዲት እንሰት የምትፍቅ እናትና ስለ ልጇ ነው።

በእጅ ከተሳለ፣ ለሰከንድ 12 ሥዕል ብቻ ብትይዙ እንኳ 1,440 ሥዕል ይፈጃል። አንድ ሰዓሊ በቀን 30 ቢጨርስ 48 ቀን ነው፤ ቀለሙ ገና አልተነካም።

ባለ ሦስት አውታሩን በብሌንደር በነፃ መሥራት ይቻላል። ወጪው ጊዜ ነው፤ ለሰከንድ 24 ምስል ሲታሰብ፣ እያንዳንዱ ምስል አምስት ደቂቃ ከፈጀ ኮምፒውተሩ አሥር ቀን ሳያርፍ ይሠራል። ከመረጣችሁት፣ ውጤቱን በአንድ የቪዲዮ ፋይል ሳይሆን በተናጠል ምስሎች አስቀምጡ። መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል።

እኔ ለዚህ ታሪክ የምመርጠው በቁርጥራጭ የሚሠራውን ነው። የእናቲቱን ራስ፣ ክንድ፣ መዳፍና ወገብ ለየብቻ ትስሉና በመጋጠሚያቸው ታንቀሳቅሳላችሁ። መፋቅ የሚደጋገም እንቅስቃሴ ስለሆነ አንዴ የተሠራው ደጋግሞ ያገለግላል፤ ሰፊው የእንሰት ቅጠልም ከሥሩ ተይዞ ሲወዛወዝ ያምራል። ክርን ላይ ክፍተት እንዳይታይ የሁለቱን ቁራጭ ጫፍ ክብ አድርጋችሁ አደራርቡ።

ችግሩ ፊት ሲዞር ነው፤ ከጎን የተሳለ ራስ ወደ ፊት አይዞርም። እናቲቱ ወደ ልጇ ዘወር የምትልበትን አንድ ሰከንድ ብቻ በእጅ ሳሉት፤ 12 ሥዕል ነው።