የእድሩ ሰንጠረዥ ለምን ፈረሰ?

የእድራችንን የአባላት ዝርዝር ቤት ባለው ላፕቶፕ በወርድ ሠርቼ ስጨርስ ሁለት ገጽ ላይ ልክክ ብሎ ነበር። 64 አባላት፣ አምስት ዓምዶች፦ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ መዋጮ። እያንዳንዱ ስም በአንድ መስመር ያልቃል። ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ሰፈራችን ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። የአንድ አባል ኢሜይል ቀርቶ ስለነበር ሠራተኛዋ እዚያው ጻፈችልኝና ወደ ፒዲኤፍ ቀይራ አሳየችኝ። ሦስት ገጽ ሆኗል። የኢሜይሉ ዓምድ አብጦ የስሙን ዓምድ ጨፍልቆታል፤ የአባት ስም ከስም ሥር፣ የአያት ስም ደግሞ ከዚያ በታች ወርዷል።

እኔ ፒዲኤፉን ስወቅስ ልጅቷ ወርዱን መልሳ ከፈተችው። «ጋሼ፣ ይኸው እዚህም ፈርሷል እኮ» አለችኝ። እውነትም ፈርሷል። የመጀመሪያው ምርመራ ይኸው ነው፦ ፒዲኤፉ በተሠራበት ኮምፒውተር ላይ ወርዱን ከፍቶ ማየት። አብዛኛውን ጊዜ ብልሽቱ እዚያው ተቀምጦ ይገኛል።

የወርድ ፋይል የገጹን ምስል አይዝም። የሚይዘው ጽሑፉን፣ የፎንቱን ስም፣ የዓምዶቹን ስፋትና የወረቀቱን መጠን ነው። ገጹ የሚሠራው ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር፣ ኮምፒውተሩ ባለው ፎንት እንደ አዲስ እየተለካ ነው። በፒዲኤፍ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ፊደል በገጹ ላይ የት እንደሚያርፍ በቁጥር ተወስኗል፤ የሰንጠረዡ መስመሮችም ለብቻቸው የተሰመሩ መስመሮች ናቸው። አንዴ ከተሠራ በኋላ የሚሰፋም የሚጠብም ዓምድ የለውም። ስለዚህ ፒዲኤፉ ያደረገው፣ በዚያ ሰዓት በዚያ ኮምፒውተር ላይ የተሠራውን ገጽ እንዳለ ማጽናት ብቻ ነው።

የእኔን ሰንጠረዥ ያፈረሱት ነገሮች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ኢሜይሉ ነው። ወርድ አዲስ ሰንጠረዥ ሲሠራ፣ ካልከለከሉት በቀር፣ ዓምዱን እንደ ይዘቱ እያሰፋ እንዲሄድ ይፈቅዳል። በመዳፊት ጎትቼ ያስቀመጥኩት 4.5 ሴንቲ ሜትር ለወርድ ምኞት እንጂ ትእዛዝ አልነበረም። የአማርኛ ስም በቃላት መካከል ክፍት ቦታ ስላለው ሲጠበው ወደ ታች ይወርዳል። ኢሜይል ግን ክፍት ቦታ የለውም። ልጅቷ የጻፈችው አድራሻ 31 ፊደልና ምልክት ነበረው፤ በ11 ነጥብ ሲጻፍ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። ወርድ አድራሻውን ከመቁረጥ ዓምዱን ማስፋት መረጠ፤ የጎደለውንም ከጎረቤት ዓምዶች ወሰደ። አንድ አባል ብቻ ረጅም አድራሻ ስላለው የ64ቱም ስም ቦታ ጠበበ ማለት ነው።

ሁለተኛው ፎንቱ ነው፤ ይህ በተለይ አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ሊታወቅ ይገባል። ወርድ ለኢትዮጵያ ፊደል በቅንብሩ የተመዘገበለት ፎንት Nyala ነው። በዊንዶውስ 10 ግን Nyala ከሁሉም ኮምፒውተር ጋር አይመጣም፤ Ethiopic Supplemental Fonts በሚባል ተጨማሪ ጥቅል ውስጥ ተቀምጧል። አማርኛ በቋንቋነት የተጨመረበት ኮምፒውተር ያገኘዋል፤ ያልተጨመረበት ላይኖረው ይችላል። ከሌለው ወርድ ሳያስጠነቅቅ ሌላ ፎንት፣ ብዙ ጊዜ Ebrima የተባለውን፣ ተክቶ ያሳያል። ፊደሉ ይነበባል፤ ስለዚህ ማንም ልብ አይለውም። የፊደሎቹ ስፋት ግን አንድ አይደለም። በአንዱ ፎንት ለጥቂት በመስመሩ የገባ ስም በሌላው ወደ ሁለተኛ መስመር ይወርዳል፤ ረድፉ ይረዝማል፤ ከሥሩ ያሉት ሁሉ ይገፋሉ፤ የመጨረሻዎቹ አባላት ወደ ሦስተኛ ገጽ ያልፋሉ።

መፍትሔው የሚጀምረው ከልኬት ነው። ኤ4 ወረቀት 21 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። በግራና በቀኝ 2 ሴንቲ ሜትር ኅዳግ ስተው 17 ቀረኝ። ለተራ ቁጥር 1.2፣ ለስም 5፣ ለስልክ 3፣ ለኢሜይል 5.6፣ ለመዋጮ 2.2 ሰጠሁ፤ ድምሩ በትክክል 17 ነው። ወርድ በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ በግራም በቀኝም 0.19 ሴንቲ ሜትር ያስቀራል፤ ስለዚህ ከ5.6ቱ ለጽሑፍ የሚተርፈው 5.22 ነው። የኢሜይሉን ዓምድ ፊደል ወደ 9 ነጥብ ሳወርደው ያ ረጅም አድራሻ በአንድ መስመር ገባ።

ከዚያ መቆለፍ ነው። ሰንጠረዡ ላይ በቀኝ መዳፊት ተጭኖ Table Properties ይከፈታል። Table በሚለው ገጽ Options ሲጫኑ Automatically resize to fit contents የሚል ይመጣል፤ ምልክቱን ማንሳት። ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው። ቀጥሎ Column ወደሚለው ገጽ ሄዶ የእያንዳንዱን ዓምድ ስፋት በቁጥር መጻፍ። ከዚህ በኋላ ረጅም አድራሻ ቢመጣ እንኳ እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ተሰብሮ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ጎረቤቱን አይነካም።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት አይቻለሁ። ስፋቱን የቆለፈ ሰው «ከፍታውንም ልቆልፍ» ይልና Row በሚለው ገጽ Exactly ይመርጣል። ያኔ ሁለተኛው መስመር በረድፉ ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል፤ በፒዲኤፉ ላይ የሰው ስም ግማሹ ይጠፋል። ከፍታ መስጠት ካስፈለገ At least ይሻላል። እዚያው ገጽ ላይ Allow row to break across pages የሚለውን ማንሳት ግን ይጠቅማል፤ የአንድ አባል ረድፍ ለሁለት ገጽ እንዳይከፈል ያደርጋል።

ለፎንቱ የሚሻለው ፒዲኤፉን ሰነዱ በተጻፈበት ኮምፒውተር ላይ በSave As ሠርቶ፣ ለኅትመት ፒዲኤፉን ብቻ ይዞ መሄድ ነው። ወርዱን የግድ መስጠት ከሆነ File፣ Options፣ Save ውስጥ Embed fonts in the file የሚለው ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አብሮ ያስቀምጣል፤ የፎንቱ ፈቃድ የሚከለክል ካልሆነ።

አሜሪካ ካሉ ዘመዶች ጋር ፋይል የሚለዋወጥ ሰው ደግሞ ወረቀቱን ይይ። እዚያ የተለመደው ሌተር የሚባለው ወረቀት 21.59 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። በ2.54 ኅዳግ ልክ የተቆለፈ ሰንጠረዥ 16.51 ይሆናል፤ በዚያው ኅዳግ ኤ4 ላይ ያለው ቦታ ግን 15.92 ነው። ሰንጠረዡ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ቀኝ ኅዳግ ይወጣል። ስለዚህ ወረቀቱ መጀመሪያ ይመረጣል፤ ዓምዱ ከዚያ በኋላ ይለካል።

ፒዲኤፉ ከተሠራ በኋላ በአዶቤ ሪደር ከፍቼ Ctrl+D እጫናለሁ። Description በሚለው ገጽ የወረቀቱን መጠን፣ Fonts በሚለው ደግሞ የገቡትን ፎንቶች ያሳያል። የእድሩን ዝርዝር ቤት ተመልሼ እንደገና ሠርቼ ስፈትሽ Nyala ከጎኑ Embedded Subset የሚል ይዞ ነበር፤ ገጹም ሁለት። በማግስቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ስወስደው ልጅቷ ከፍታ አየችውና ምንም ሳትነካ 64 ቅጂ አወጣችልኝ።