ሠላሳ ካሬ ወለል ስንት ሲሚንቶ ይበላል?

ቤት የሚያሠራ ሰው ወለል ሊሞላ ሲደርስ ማስተሩን "ስንት ኩንታል ላምጣ?" ብሎ ይጠይቃል። ማስተሩም ድንጋይ የተነጠፈበትን ወለል በዓይኑ ዞር ዞር ብሎ ያይና "አስር ይበቃል" ይላል። በሙሌቱ ቀን ከምሳ በኋላ ሲሚንቶው ያልቃል። ሚክሰሩ በቀን ኪራይ ቆሟል፣ ሠራተኛው አካፋውን ተደግፎ ይጠብቃል፣ ባለቤቱ ደግሞ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ በተጠየቀው ዋጋ ይገዛል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ማስተሩ ሥራውን ስለማያውቅ አይደለም። ወለሉን በሜትር ሳይለኩ በዓይን መገመት ስለተለመደ ነው እንጂ ሒሳቡ አምስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ የሚሠራው ነው።

አንድ ትንሽ ቤት እንውሰድ። ከመሠረት ግንቡ ውስጥ ለውስጥ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር ነው፤ 30 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ከሥሩ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ፣ ከዚያ በላይ የድንጋይ ንጣፍ አለው። በዚህ ላይ የሚፈሰው አርማታ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ታስቧል። 30 ካሬን በ0.10 ሜትር ስናባዛ 3 ሜትር ኩብ እናገኛለን። የምናወራው መሬት ላይ ስለሚያርፍ ወለል ብቻ ነው። በዓምድና በቢም ላይ የሚንጠለጠል ሶሌታ ውፍረቱም ፌሮውም በመሐንዲስ ስሌት የሚወሰን ስለሆነ ይህ ጽሑፍ አይመለከተውም።

ብዙ ሰው 3 ሜትር ኩብ ላይ ቆሞ ወደ ገበያ ይሄዳል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ የድንጋይ ንጣፍ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ አይደለም። አንዱ ድንጋይ ጎልቶ ይወጣል፣ ሌላው ጎድጉዶ ይቀራል፣ በመሃሉ ያለው ክፍተት ደግሞ አርማታውን ወደ ታች ይውጠዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ወለሉ ሲያልቅ የሚደርስበትን ከፍታ በውሃ ልክ አውጥቶ በአራቱም ግንብ ላይ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያም ከምልክት ወደ ምልክት ሲባጎ ወጥሮ በየአንድ ሜትሩ ከሲባጎው እስከ ድንጋዩ ያለውን ጥልቀት በሜትር መለካት ያስፈልጋል። አንዱ ቦታ 9 ይሆናል፣ ሌላው 10፣ ጎድጓዳው 14። ሁሉን ደምሮ በተለካው ቦታ ብዛት ማካፈል ነው። በእኛ ቤት አማካዩ 11 ሳንቲ ሜትር ወጣ እንበል። ያኔ የሚያስፈልገው አርማታ 3 ሳይሆን 3.3 ሜትር ኩብ ነው።

አንድ ሳንቲ ሜትር ትንሽ ትመስላለች። በ30 ካሬ ላይ ስትዘረጋ ግን 0.3 ሜትር ኩብ አርማታ ናት፤ ሲሚንቶው ብቻ ከሁለት ከረጢት ይበልጣል። ከለኩ በኋላ ጎድጓዳውን በደቃቅ ጠጠር ወይም በቀይ አሸዋ ሞልቶ፣ ውሃ አርከፍክፎ መጠቅጠቅ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ርካሹ ዕቃ ሊሞላው የሚችለውን ጉድጓድ በሲሚንቶ መሙላት ለወለሉ ምንም ጥንካሬ አይጨምርለትም። ከጠቀጠቁ በኋላ ግን እንደገና መለካት ያስፈልጋል፤ የምናሰላው በመጨረሻው ልኬት ነው።

አሁን ወደ ቅልቅሉ እንግባ። ሲሚንቶ በገበያ የሚጠራው በኩንታል ነው፤ አንድ ኩንታል ሁለት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ነው። በግንባታ ቦታ አሸዋና ጠጠር የሚሰፈሩት በእንጨት ሳጥን ሲሆን፣ የሳጥኑ የውስጥ ልክ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 36 ሊትር ይይዛል። የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይዘትም ከዚህ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንድ ለሁለት ለሦስት የሚባለው ቅልቅል በተግባር አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር ነው። በተለምዶ ሲ-25 ለሚባለው አርማታ የሚያዘው ይህ ነው፤ ለመኖሪያ ቤት ወለል በቂ ነው።

ስድስቱ ሳጥን ሲደመር 216 ሊትር ነው። ከሚክሰሩ የሚወጣው አርማታ ግን 216 ሊትር አይሆንም። በጠጠሩ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ አሸዋው ይገባበታል፣ በአሸዋው መካከል ያለውን ደግሞ ሲሚንቶውና ውሃው ይሞሉታል። በዚህ ምክንያት ደረቁ ዕቃ በ1.54 ተካፍሎ ወደ 140 ሊትር ይወርዳል። ማስታወስ የሚያስፈልገው ቁጥር ይህ ብቻ ነው፦ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 0.14 ሜትር ኩብ አርማታ ይሰጣል። 3.3ን ለ0.14 ስናካፍል 23.6 ይመጣል፤ 24 ከረጢት እንበለው። ለሚፈስሰውና ለሚባክነው አንድ ጨምረን 25 ከረጢት፣ ማለትም አስራ ሁለት ኩንታል ተኩል እንይዛለን። ማስተሩ "አስር" ያለው ሲሚንቶ ሁለት ኩንታል ተኩል ጎድሎት ነበር።

ሲሚንቶው ከታወቀ ሌላው ይከተላል። አሸዋው 50 ሳጥን ነው፤ በ0.036 ሲባዛ 1.8 ሜትር ኩብ። ጠጠሩ 75 ሳጥን ነው፤ 2.7 ሜትር ኩብ። መሬት ላይ ተደፍቶ ከአፈር የሚቀላቀለው የታችኛው ክፍል ስለማይነሳ 2 ሜትር ኩብ አሸዋና 3 ሜትር ኩብ ጠጠር ማዘዝ ይገባል። ጠጠሩ ዜሮ ሁለት የሚባለው ዓይነት ይሁን። ውሃው ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ከሩብ ያህል ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚህም ይቀንሳል። ሠራተኛው ለመግፋት እንዲቀለው ውሃ ሲጨምር የሚተወው ባዶ ቦታ ወለሉን ያደክመዋል፤ ቆይቶም በጫማ ሲጠረግ አቧራ የሚሰጥ ወለል ይሆናል።

ሳጥኑን ራስዎ ይለኩት። ከፍታው 18 ሳይሆን 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 40 ሊትር ይይዛል፤ በዚያ ላይ ሠራተኛው አሸዋውን ከቆለለበት ቅልቅሉ አንድ ለሁለት ለሦስት መሆኑ ይቀራል። ሲሚንቶ የተረፈ ይመስላል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል፤ የተረፈው ግን ከወለሉ ጥንካሬ ላይ ነው። አፉን በእንጨት ጠርጎ ማስተካከል ለእያንዳንዱ ሳጥን ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይፈልጋል። በአካፋ ቆጥሮ መቀላቀልን ደግሞ ጨርሶ አልመክርም።

አሸዋ ሲገዛ ሁለት ነገር ሊያታልል ይችላል። አንደኛው እርጥበት ነው። እርጥብ አሸዋ ቅንጣቶቹ ተራርቀው ስለሚያብጡ ከደረቁ እስከ ሩብ የሚደርስ ብልጫ ያለው ቦታ ሊይዝ ይችላል፤ በመኪና ላይ 2 ሜትር ኩብ ሆኖ የተለካው ሲደርቅ 1.6 ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ጭቃ ነው። ጠርሙስ ግማሽ ድረስ አሸዋ ጨምረው፣ ውሃና ትንሽ ጨው አክለው፣ በደንብ ነቅንቀው ለጥቂት ሰዓታት ያስቀምጡት። አሸዋው ከታች ይረጋል፣ ጭቃው በላዩ ስስ ሽፋን ሆኖ ይታያል። በኢትዮጵያ ግንባታ የሚፈቀደው ጣሪያ 6 በመቶ ነው፤ 8 ሳንቲ ሜትር በሆነ አሸዋ ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ጭቃ ከታየ አሸዋው መታጠብ ወይም መመለስ አለበት። ጭቃው ሲሚንቶውን ከጠጠሩ ጋር እንዳይያያዝ ይከላከለዋል፤ ይህንን ሲሚንቶ በመጨመር ለማካካስ መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው።

ዋጋው ከከተማ ከተማ፣ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። ስለዚህ የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ የሰፈሩን ዋጋ ይተካባቸው። ሲሚንቶ በኩንታል 2,000 ብር ቢሆን አስራ ሁለት ኩንታል ተኩሉ 25,000 ብር ነው። አሸዋ በሜትር ኩብ 3,000 ቢሆን 6,000፣ ጠጠር በ2,500 ቢሆን 7,500 ብር ይሆናል። ሦስቱ አንድ ላይ 38,500 ብር ናቸው። ለሚክሰር ኪራይ፣ ለማስተርና ለቀን ሠራተኛ፣ ለጫኝና አውራጅ 16,000 ብር ብንይዝ ድምሩ 54,500 ይደርሳል፤ ለአንድ ካሬ ሜትር 1,800 ብር ገደማ መሆኑ ነው። ፌሮ የሚገባበት ከሆነ ለብቻው ይደመራል። በዚሁ ዋጋ ቅድም የተነሳችው አንዲት ሳንቲ ሜትር ከ3,000 ብር በላይ ታስወጣለች፤ ሲባጎ ወጥሮ የሚለካው ሰው ግማሽ ቀን የሚያጠፋው ለዚህ ነው።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ በቀላሉ የሚረሳው የአሸዋና የጠጠር ማጓጓዣ ነው። ሲኖትራክ ብዙውን ጊዜ 16 ሜትር ኩብ ያህል ይጭናል፤ እኛ የምንፈልገው 2 ነው። በመኪና ሙሉ የሚነገረውን ዋጋ በ16 አካፍሎ "የእኔ ድርሻ ይኼ ነው" ማለት አይቻልም፤ ጥቂት ሜትር ኩብ ለብቻው የሚያመጣ ባለ ኢሱዙ በሜትር ኩብ የሚጠይቀው ከዚያ ይበልጣል። የተሻለው መንገድ ለግንብና ለልስን የሚያስፈልገውን አሸዋ አብሮ ማስላት፣ አለዚያም ቤት ከሚሠራ ጎረቤት ጋር አንድ መኪና መካፈል ነው። መኪናው ደጅ ድረስ የማይገባበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ ከመንገድ እስከ ግቢ በጋሪ ወይም በባሬላ የሚመላለስበት ክፍያ ቀድሞ መነጋገር አለበት፤ አምስት ሜትር ኩብ ዕቃ በሰው ጉልበት ማመላለስ ትንሽ ሥራ አይደለም።

በሙሌቱ ዕለት ስሌቱ ልክ መሆኑን ወለሉ ሳያልቅ ማወቅ ይቻላል። ሰባት ከረጢት ወደ ሚክሰር ሲገባ የሚወጣው አርማታ አንድ ሜትር ኩብ ያህል ነው። ወለላችን ወርዱ 5 ሜትር፣ አማካይ ውፍረቱ 11 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ይህ አርማታ ከጀመርንበት ግድግዳ 1.8 ሜትር መድረስ አለበት። ሰባተኛው ከረጢት አልቆ 1.5 ሜትር ላይ ብቻ ከሆንን ወለሉ ካሰብነው ወፍሯል ወይም አርማታው በድንጋዩ መካከል እየገባ ነው፤ በዚያው ፍጥነት ከቀጠለ 25 ከረጢት ሳይሆን 28 ያስፈልጋል። ይህ የታወቀው በጠዋት ስለሆነ ሱቅ ክፍት ነው፣ ለመላክም ጊዜ አለ። ከሰባት ከረጢት 2 ሜትር ከሞላ ደግሞ ወለሉ ቀጥኗል ማለት ነው፤ ቶሎ ወደ ሲባጎው ተመልሶ ገና ለስላሳ የሆነውን አርማታ ጥልቀት በቀጭን ፌሮ ወግቶ ማየት ያስፈልጋል።

ሲሚንቶው አልቆ የግድ መቆም ከመጣ አርማታው እንደተንጠባጠበ መተው የለበትም። የውስጥ ግድግዳ በሚያርፍበት ወይም በር በሚሆንበት መስመር ላይ ጣውላ በጎኑ አቁሞ ቀጥ ባለ ጠርዝ ማቆም፣ በማግስቱ ጠርዙን አጽድቶ፣ በውሃ አርሶና የሲሚንቶ ውሃ ቀብቶ መቀጠል ይገባል።