አንድ ቁጥር፣ ሁለት ልጆች

ሁለት የ5 ዓመት ወንዶች ልጆች ተለክተው የሁለቱም የላይኛው የደም ግፊት 106 ሆነ እንበል። አንዱ አጭር፣ ሌላው ረጅም ነው። ለአዋቂ ይህ ቁጥር ጤናማ ነው። የልጅ ግፊት ግን ከዕድሜና ከቁመት ጋር አብሮ ስለሚጨምር፣ ሐኪሙ ቁመቱን ለክቶ ለወንድና ለሴት ለየብቻ የተዘጋጀ ሰንጠረዥ ያያል።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 ባወጣው ሰንጠረዥ፣ ጤናማ የሚባለው ከ100 እኩዮች 90ዎቹ ከሚገኙበት ወሰን በታች የሆነ ግፊት ነው። በቁመት ከ100 እኩዮቹ 5 ብቻ ለሚያንሱት ልጅ ወሰኑ 103 ሲሆን፣ 5 ብቻ ለሚበልጡት ደግሞ 108 ነው። ስለዚህ 106 ለአጭሩ ከፍ ያለ፣ ለረጅሙ ግን ጤናማ ነው። የአጭሩ 107 ቢደርስ ኖሮ የደም ግፊት በሽታ ይጠረጠር ነበር፤ በሽታ ነው የሚባለው ግን በሦስት የተለያዩ ቀናት ሲደገም ነው።

ከሁሉ በፊት ክንዱ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ እዩ። ለልጁ ክንድ ከጠበበ ቁጥሩን ያለአግባብ ከፍ ያደርገዋል፤ ይህ ስህተት ጤነኛ ልጅን ያስፈርጃል። ከ13 ዓመት ጀምሮ ሰንጠረዡ ይቀርና እንደ አዋቂ ከ120/80 በታች ጤናማ፣ 130/80 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ከፍተኛ ይባላል።