የሳምንቱ ቻርት ሲወርድ፣ የሰዓቱ ሲወጣ

ኦገስት 10 ቀን 2022 (ነሐሴ 4 ቀን 2014 ዓ.ም.)፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አሜሪካ የጁላይ ወር የዋጋ ንረቷን ይፋ አደረገች። ገበያው 8.7 በመቶ ሲጠብቅ የወጣው 8.5 ነበር። ይህች ጥቂት ልዩነት ዶላርን አወረደችው፤ ዩሮ በአጭር ጊዜ 100 ፒፕ ገደማ ዘልሎ በዚያው ቀን 1.0368 ደረሰ። ፒፕ በዋጋው ላይ ከነጥቡ በኋላ ያለችው አራተኛ አሃዝ ናት፤ ከ1.0268 እስከ 1.0368 ድረስ 100 ፒፕ አለ ማለት ነው።

በዚያች ሰዓት የአንድ ሰዓት ቻርት ብቻ ከፍቶ የተቀመጠ ትሬደር ያየው ረጃጅም አረንጓዴ ካንድሎችን ነው። ግዛ፣ ግዛ የሚል ይመስላል። የሳምንቱን ቻርት የከፈተ ሰው ግን ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ሲንሸራተት የከረመ ዋጋ ነበር የሚያየው። ሁለቱም ያዩት ትክክል ነው። ጥያቄው የትኛው ቻርት ስለምን ጉዳይ የመወሰን ሥልጣን አለው የሚል ነው።

በዚህ ጥያቄ ላይ በብዛት የሚጠቀሰው ሰው የሥነ አእምሮ ሐኪም የነበረው ትሬደር አሌክሳንደር ኤልደር ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ባስተዋወቀው ዘዴ አንድን ግብይት በሦስት ማጣሪያዎች ያሳልፋል፤ ረጅሙ ቻርት አቅጣጫውን ይወስናል፣ መካከለኛው ከዚያ አቅጣጫ የሚቃረነውን ጊዜያዊ ምላሽ ይፈልጋል፣ አጭሩ መግቢያውን ያሳያል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ሦስቱ ቻርቶች በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ መግባት አለብኝ ብሎ ይረዳዋል። እኔ እንደማየው ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ሳምንቱም፣ ቀኑም፣ ሰዓቱም አብረው ወደ ታች በሚወርዱበት ጊዜ መውረዱ ብዙ ርቀት ሄዷል፤ የሚሸጠው ሰው የሚሸጠው በርካሹ ነው፤ ስቶፕ ሎሱን የሚያስቀምጥበት ጫፍም ሩቅ ነው። ጥሩው ቦታ የቀኑ ቻርት ከሳምንቱ ጋር ተጣልቶ ቆይቶ ሊታረቅ ሲል ያለው ነው።

ወደ ኦገስት እንመለስና ከላይ እንጀምር። የሳምንቱ ቻርት ላይ ከፌብሩዋሪ ወዲህ ከፍታዎቹ 1.1495፣ ከዚያ በማርች መጨረሻ 1.1185፣ ከዚያ በሜይ መጨረሻ 1.0787 ነበሩ። እያንዳንዱ ከፊተኛው ያንሳል። ዝቅታዎቹም እንዲሁ እየወረዱ ሄደው በጁላይ አጋማሽ ዩሮ ከአንድ ዶላር በታች 0.9952 ነክቷል። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ከማርች ጀምሮ ወለድ ሲያሳድግ የአውሮፓው የተከተለው በጁላይ መጨረሻ ነው። ስለዚህ የሳምንቱ መልስ አንድ ነው፤ ዋጋው ከ1.0787 በላይ እስካልተሻገረ ድረስ መሸጥ እንጂ መግዛት የለም። ይህን መልስ ከሰዓቱ ቻርት የሚመጣ ምንም ነገር ሊሽረው አይችልም።

ቀጥሎ የቀኑ ቻርት። እዚህ የሚጠየቀው አቅጣጫ አይደለም፤ ዋጋው ለሻጭ የሚስማማ ቦታ ደርሷል ወይ ነው። ከጁላይ አጋማሽ ጀምሮ ዩሮ ለአራት ሳምንት ያህል ወጥቶ 400 ፒፕ ገደማ አግኝቷል። የደረሰበት ቦታም እንዲሁ የተገኘ አልነበረም። በጃንዋሪ 2017 ዩሮ ወርዶ የቆመው 1.0340 ላይ፣ በሜይ 2022 ደግሞ 1.0350 አካባቢ ነበር፤ ያ ወለል በጁላይ ተሰበረ። ተመልሶ ከታች ሲመጣ የቀድሞ ወለል አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያ ይሆናል፤ እዚያ ገዝተው ሲከስሩ የቆዩ ሰዎች ገንዘባቸው እንደተመለሰ መውጣት ይፈልጋሉና። እንግዲህ የኦገስት 10 ደስታ የተጋጨው ከዚህ ጣሪያ ጋር ነው።

ይህን ሁሉ አውቆም ቢሆን በዚያች ቅጽበት መሸጥ ግን ራስን ከሚሮጥ መኪና ፊት ማቆም ነው። የሰዓቱ ቻርት ሥራ እዚህ ይጀምራል፤ ሥራውም መጠበቅ ነው። በማግስቱ ኦገስት 11 ዩሮ መጀመሪያ ወደ 1.0275 አካባቢ ወረደ፣ እንደገና ወጥቶ 1.0364 ደረሰ፣ የትናንቱን ጫፍ ግን ማለፍ አቃተው። አሁን የሰዓቱ ቻርት ላይ ሁለት ጫፎችና በመካከላቸው አንድ ዝቅታ አለ። የሚጠበቀው ምልክት ደግሞ አንድ ነው፤ የሰዓቱ ካንድል ከዚያ ዝቅታ በታች ይዝጋ። ነክቶ መመለሱ አይቆጠርም። ይህ የሆነው ኦገስት 12 ቀን፣ ዓርብ ነው።

ሒሳቡን በትንሽ ገንዘብ እንየው። በ1.0270 ተሸጠ፣ ስቶፕ ሎሱ ከሁለቱ ጫፎች በላይ 1.0380 ላይ ተቀመጠ እንበል። ልዩነቱ 110 ፒፕ ነው። 1,000 ዶላር ያለው ሰው በአንድ ግብይት ከአንድ በመቶ አካባቢ በላይ አላጣም ካለ የሚይዘው 0.01 ሎት ነው፤ አንዷ ፒፕ 10 ሳንቲም ስለምታወጣ ኪሳራው ከ11 ዶላር አይበልጥም። ዒላማው ደግሞ ከጁላይ ዝቅታ ትንሽ ከፍ ብሎ 0.9960 ላይ ቢሆን 310 ፒፕ፣ ማለትም 31 ዶላር ነው። ዋጋው ኦገስት 22 እዚያ ደረሰ፤ በማግስቱም 0.9900 ነካ። የሰዓቱ ቻርት ጥቅም የሚታየው እዚህ ነው። አቅጣጫውን አልነገረንም፤ ነገር ግን በሳምንቱ ቻርት መለኪያ ስቶፕ ሎሱ ከ1.0787 በላይ ይሆን የነበረውን ግብይት 110 ፒፕ ላይ አሳጠረው።

ምሳሌውን የመረጥኩት ውጤቱ ከታወቀ በኋላ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። በተመሳሳይ ሁኔታ ተገብቶ ስቶፕ ሎስ የሚመታባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም፤ ከአንድ ኪሳራ ሦስት ያህል እጥፍ የሚያስገኝ ዒላማ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

በተግባር የሚያደናግሩ ነገሮችም አሉ። የመጀመሪያው ያልተዘጋ ካንድል ነው። ረቡዕ ላይ የምናየው የሳምንቱ ካንድል ገና ሁለት ቀን ተኩል ይቀረዋል፤ አረንጓዴ የነበረው ዓርብ ማታ ቀይ ሆኖ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ የሳምንቱን አቅጣጫ ቅዳሜ ወይም እሑድ ገበያው ተዘግቶ ሳለ ጽፎ መያዝና በሳምንቱ መካከል አለመነካካት ይሻላል። የቀኑም ካንድል የሚዘጋው በኒውዮርክ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ በበጋቸው ይህ ለእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን በክረምታቸው 7 ይሆናል። የብሮከሩ ሰዓት ከዚህ ከተለየ የቀኑ ካንድሎች ቅርጽ ይለያያል፤ እንዲያውም እሑድ የምትከፈት አንዲት ቁራጭ ካንድል ሳምንቱን ስድስት ቀን ታደርገዋለች።

ሁለተኛው በቻርቶቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ኤልደር አንዱ ከሌላው አምስት እጥፍ ያህል ቢሆን ይላል። ሳምንት አምስት የገበያ ቀን አለው፤ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያም በቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ስለሚሠራ ሰዓቱ ለቀኑ ይስማማዋል። የውጭ ምንዛሪ ግን በቀን 24 ሰዓት ስለሚገበያይ ከቀን ወደ ሰዓት መዝለሉ ሰፊ ነው። የሰዓቱ ጩኸት የሚያስቸግረው ሰው የአራት ሰዓት ቻርትን በቦታው ቢተካ የሚያጣው ብዙ አይደለም። አራተኛና አምስተኛ ቻርት መጨመሩ ግን መፍትሔ አይሆንም፤ የሚፈልገውን መልስ የሚሰጠው አንድ ቻርት ሁልጊዜ ይገኛልና።

ከሁሉም የሚከብደው የሳምንቱ ቻርት ራሱ ሲዞር ነው። ዩሮ በሴፕቴምበር 28 ቀን 0.9536 ላይ ታች ነክቶ መነሳት ጀመረ፤ ሳምንቱ ግን አሁንም ሽጥ ይል ነበር። በኖቬምበር መጀመሪያ የሸጡ ሰዎች ደንቡን አክብረው ነው የገቡት። ኖቬምበር 10 ቀን የዋጋ ንረቱ 7.7 በመቶ ሆኖ ሲወጣ ዩሮ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ 1.0350 አካባቢ ተስፈነጠረ፤ ሳምንቱም ከሴፕቴምበርና ከኦክቶበር ከፍታዎች በላይ ዘጋ። የሳምንቱ ቻርት አቅጣጫው መለወጡን የተናገረው ከታችኛው ጫፍ 800 ፒፕ ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ያን 800 ፒፕ ይህ ዘዴ ለማንም አይሰጥም፤ በመጨረሻው ሽያጭ ላይ የጠፋው 110 ፒፕም ከእሱ ጋር አብሮ የሚከፈል ነው።