ከዐሥራ አምስት ገጽ ወደ አንድ ሳጥን፦ የፕሮጀክት መግለጫን ለድጋፍ ሰጪዎች ስለማሳጠር



ከደሴ ፒያሳ አንሥቶ በየከተማው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎችን ሥራ ቆም ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ባለጉዳዩ የሦስት ዓመት የመሬት ክርክሩን ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ይተርካል፤ ጸሐፊው ግን ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ ከደብዳቤው አናት ላይ አንድ መስመር ያሰፍራል፦ «ጉዳዩ፦ ይዞታዬ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ»። ይህች መስመር የታሪኩ ትንሹ ቅጂ አይደለችም። የአባትየው ስም የለባትም፤ የክርክሩ ዓመታትም የሉባትም። ያለባት የሚጠየቀው ነገር ብቻ ነው። መዝገብ ቤቱ ደብዳቤውን ወደየትኛው ክፍል እንደሚመራው የሚወስነውም በእርሷ ነው።

ዛሬ የምናገርባት የማጠቃለያ ሳጥን ተግባርዋ ከዚህች መስመር ብዙ አይርቅም። የምርምር ድጋፍ የሚሰጡ ተቋማት የፕሮጀክቱን ሙሉ መግለጫ ከተቀበሉ በኋላ ልኩ አስቀድሞ የተወሰነ አጭር ጽሑፍም ይጠይቃሉ። የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ክፍት ቦታዎችንና የመስመር ማለፊያዎችን ጨምሮ 2000 ምልክት ይፈቅዳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት 30 መስመር ይሰጣሉ፤ ከዚያም በላይ ፕሮጀክቱ ለሕዝብ ጤና ያለውን ፋይዳ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር እንዲነገር ይጠይቃሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ደግሞ አንድ ገጽ ይፈቅዳል።

ብዙዎቻችን ይህን ሳጥን የምንሞላው በመጨረሻው ሌሊት ነው። ከመግለጫው መግቢያ ሁለት አንቀጽ እንገለብጣለን፤ ከዘዴው ጥቂት፣ ከሚጠበቀው ውጤት ጥቂት እንጨምራለን፤ ከልኩ ሲያልፍብን ቅጽሎችን እንፍቃለን። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ገምጋሚ ጉባኤ ሲቀመጥ አንድን ፕሮፖዛል ከዳር እስከ ዳር የሚያነቡት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው፤ በነጥቡ ላይ ድምፅ የሚሰጡት ግን ከእነርሱ ይበዛሉ። የቀሩት ስለ ሥራችሁ የሚያውቁት ከባልደረቦቻቸው ቃልና ከዚህች ሳጥን ነው። ከዚያም አስቀድሞ ፕሮፖዛሉ ለየትኛው ባለሙያ እንደሚላክ የሚወስነው ሰው መጀመሪያ የሚያያት እርሷን ነው። የውኃ ኬሚስትሪ ጥናት በሳጥኑ ውስጥ ስለ ድህነት ቅነሳ ብቻ ካወራ፣ ኬሚስትሪ ለማያውቅ ገምጋሚ ቢላክ ጥፋቱ የላኪው አይደለም።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዤ ልሂድ። ምሳሌው ለዚህ ገለጻ ያዘጋጀሁት ነው፤ ቦታው ግን የምናውቀው ነው። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የቆዳና የብረት ፋብሪካዎች ያሉባት ከተማ ናት፤ በከተማዋ የሚያልፉት ወንዞች ወደ ቦርከና፣ ቦርከናም ወደ አዋሽ ይገባሉ። ቆዳ ለማልፋት የክሮሚየም ጨው ጥቅም ላይ ይውላል። ከፋብሪካዎቹ በታች ደግሞ በወንዝ ውኃ አትክልት የሚያለሙ ሰዎች አሉ። እንግዲህ አንዲት ተመራማሪ በሰላጣና በቆስጣ ውስጥ ያለውን ክሮሚየም ለመለካት ዐሥራ አምስት ገጽ መግለጫ ጽፋለች እንበል።

የመጀመሪያው ሳጥንዋ እንዲህ ይጀምራል፦ «ውኃ ለሰው ልጅ፣ ለእንስሳትና ለዕፅዋት ሕይወት መሠረት ከመሆኑም በላይ በአዳጊ አገሮች እየተስፋፋ ካለው የኢንዱስትሪና የከተሞች ዕድገት ጋር ተያይዞ ለከፍተኛ ብክለት እየተጋለጠ ከመምጣቱ የተነሣ...»። ዓረፍተ ነገሩ ገና አላለቀም፤ ማሰሪያ አንቀጹም አልመጣም። ይህ በተለይ እኛን አማርኛ ተናጋሪዎችን የሚጎዳ ነገር ነው። በቋንቋችን ግሱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ብዙ የማመልከቻ ሥርዓቶች ደግሞ በዝርዝር ገጻቸው ላይ የማጠቃለያውን የመጀመሪያ ሁለት መስመር ብቻ አሳይተው ቀሪውን በነጥብ ይተኩታል። እንግሊዝኛ ጸሐፊ ረጅም ዓረፍተ ነገር ቢጀምርም ባለቤቱና ግሱ ከፊት ስለሚቀድሙ ጥቂት ነገር ይተርፍለታል፤ የእኛ ዓረፍተ ነገር ሲቆረጥ ግን በአንባቢው እጅ የሚቀረው ቅጥያ ብቻ ነው። ስለዚህ የሳጥኑ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አጭር ይሁን፤ ማሰሪያውም ቶሎ ይምጣ። በአማርኛ አስበን በእንግሊዝኛ ስንጽፍም ይኸው ልማድ ተከትሎን ይሻገራል፤ ግሱ በሦስተኛው መስመር ላይ ብቅ የሚል እንግሊዝኛ ያነበባችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ተመራማሪዋ ምን ታድርግ? እኔ የምመክረው ዐሥራ አምስቱን ገጽ ዘግታ ማስቀመጥን ነው። መግለጫው ክፍት ሆኖ ሳለ ያለን ምርጫ መሰረዝ ብቻ ይሆናል፤ ተሰርዞ ተሰርዞ የሚቀረውም በቀላሉ ሊሰረዝ ያልቻለው እንጂ ዋናው አይደለም። መግለጫውን ዘግታ አራት ነገሮችን በቃልዋ ትጻፍ፦ ማን ምን ገጠመው፤ ከዚህ በፊት ያልታወቀው ምንድን ነው፤ እኔ ምን፣ ስንት ጊዜ፣ የት እለካለሁ፤ በመጨረሻ ማን ምን ይዞ ይሄዳል። የምሳሌያችን ሁለተኛ ረቂቅ እንዲህ ሆነ፦

«በኮምቦልቻ ከፋብሪካዎች በታች ያሉ አትክልት አምራቾች በቦርከና ገባር ወንዞች ያለማሉ። በውኃው ውስጥ ክሮሚየም መኖሩ ተለክቷል፤ ወደ ሰላጣና ቆስጣ የሚገባው መጠን መቼ እንደሚበዛ ግን አልተለካም። ለ12 ወራት በ6 ቦታዎች በየወሩ የውኃ ናሙና፣ በበጋና ከክረምት በኋላ ደግሞ ከ20 ማሳዎች የአትክልት ናሙና እንወስዳለን። ውጤቱ በየትኛው ወር በወንዙ ማጠጣት አደገኛ እንደሆነ የሚያሳይ የመስኖ መቁጠሪያ ሆኖ ለአምራቾቹና ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል።»

ከፊተኛው እጅግ ይሻላል። የሚሠራው ይታያል፤ ቁጥሮቹም አሉ። ሲያሳጥሩ ቁጥር መጣል የተለመደ ስሕተት ነው። «በርካታ ናሙናዎች ከተለያዩ ቦታዎች ይሰበሰባሉ» የሚለው ሐረግ ግን «በ6 ቦታዎች በየወሩ» ከሚለው ይረዝማል፤ የሚነግረንም ያነሰ ነው።

ነገር ግን አሁን ሦስተኛውንና አራተኛውን ዓረፍተ ነገር አጠገብ ለአጠገብ አንብቡልኝ። ቃል የተገባው በየትኛው ወር ማጠጣት አደገኛ እንደሆነ መንገር ነው። አትክልቱ የሚለካው ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለት ልኬት ሁለት ወቅቶችን ያነጻጽር እንደሆነ እንጂ ስምንት ወይም ዐሥራ ሁለት ወራትን አይለይም። የውኃው ልኬት ወርኃዊ ቢሆንም ጥያቄው ስለ ውኃው አልነበረም፤ ከውኃው ወደ ቅጠሉ ስለሚሸጋገረው ነበር። በዐሥራ አምስቱ ገጽ ውስጥ ዘዴውና የሚጠበቀው ውጤት በብዙ ገጽ ስለሚራራቁ ክፍተቱ አልታየም። ሳጥኑ ሲያቀራርባቸው ታየ።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚህች ቅጽበት ነው። ማሳጠር የአጻጻፍ ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቋንቋ ሰው ሰጥተነው በተኛን ነበር። እዚህ ላይ ግን ተመራማሪዋ ሁለት መንገድ አላት። አንደኛው ቃሉን ማለስለስ ነው፦ «በየትኛው ወር» የሚለውን «ወቅታዊ ልዩነቱን» በሚል መተካት። ይህ ሐቀኛ መንገድ ነው፤ ነገር ግን መቁጠሪያው ይቀራል፤ መቁጠሪያው ሲቀር ለአምራቹ የሚሰጠው ነገር ይሳሳል። ሁለተኛው ወደ ኋላ ተመልሶ ዘዴውን ማስተካከል ነው።

ሁለተኛውን እንከተል። ከ20 ማሳዎች በየወሩ እንውሰድ ብትል 240 የአትክልት ናሙና ይሆናል፤ በጀቱ አይችለውም። እንግዲህ ትጠይቅ። በክረምት ዝናብ እንጂ መስኖ ስለሌለ ጥያቄው ራሱ አይነሣም፤ ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያሉት 8 ወራት ይበቃሉ። ሰላጣ አንድ ጊዜ ተነቅሎ ያልቃል፤ ቆስጣ ግን ቅጠሉ እየተቀነጠሰ ለብዙ ወራት ይቆያል፤ በየወሩ ለማነጻጸር የሚያመቸው እርሱ ስለሆነ ሰላጣው ይቅር። ማሳዎቹ 6 ይሁኑ፤ እያንዳንዱም ከአንድ የውኃ መቅጃ ቦታ ጋር ይጣመር። 8 ወር በ6 ቦታ 48 የውኃ፣ 48 የቆስጣ ናሙና ይሰጣል፤ በድምሩ 96። የፊተኛው ዕቅድ 72 የውኃና 40 የአትክልት፣ በድምሩ 112 ነበር። ሥራው አነሰ፤ ጥያቄው ግን መልስ የሚያገኝ ሆነ። የተከፈለ ዋጋ የለም አልልም፤ ስድስት ማሳ ስለ አካባቢው ሁሉ ለመናገር ጥቂት ነው፤ ስለ ሰላጣም ምንም ማለት አይቻልም። ይህ ገደብ በሙሉው መግለጫ ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት። ሳጥኑ ውስጥ ግን «ቆስጣ» እና «6 ማሳዎች» የሚሉት ቃላት በቦታቸው ካሉ ገደቡ ከነዚሁ ይነበባል።

ከዚህ በኋላ የሚደርሰው ጥፋት ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ፕሮፖዛል ያስነቅፋል። ሳጥኑ ተስተካክሎ መግለጫው በቀድሞው ቁጥር ይቀራል፤ ወይም በተቃራኒው። ገምጋሚው በሳጥኑ 48፣ በዘዴው 72፣ በበጀቱ ሠንጠረዥ 112 ካየ የትኛውን ይመን? መፍትሔው ትዕግሥት ብቻ ነው፦ በሳጥኑ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር አስምሩበት፤ በመግለጫውና በበጀቱ ውስጥም እየፈለጋችሁ አንድ በአንድ አመሳክሩ።

ሳጥኑ በሚገባ መሞላቱን ለመፈተን ከሌላ ትምህርት ክፍል ላለ ባልደረባ ስጡት። አንብቦ ይመልስላችሁና ሳያይ ይንገራችሁ። «ስለ ውኃ ብክለት ነው» ካለ ገና ናችሁ፤ ያነበበው ዳራችሁን ብቻ ነው። «ቆስጣ ውስጥ ያለውን ክሮሚየም በየወሩ ሊለኩ ነው፤ ገበሬው መቼ እንዳያጠጣ ሊነግሩት» ካለ ጨርሳችኋል። አድናቆቱን አትቁጠሩት፤ ጨዋ ባልደረባ ሁልጊዜ ያደንቃል።

ስለ ልክ አቆጣጠር አንድ ነገር ልጨምር፤ ተማሪዎች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ። «2000 ምልክት» ሲባል ፊደል ብቻ ሳይሆን ክፍት ቦታውም፣ አራት ነጥቡም ሊቆጠር ይችላልና መመሪያውን አንብቡ። በአማርኛ መጻፍ ሲፈቀድ አንድ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ሐሳብ ይገባል። ነገር ግን አንዳንድ ሥርዓት የሚቆጥረው ምልክቱን ሳይሆን ኮምፒዩተሩ የሚያስቀምጥበትን ባይት ነው። በተለመደው UTF-8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ክፍት ቦታ ደግሞ 1። ስለዚህ 2000 ባይት ብቻ የሚቀበል ሳጥን የአማርኛ ጽሑፋችሁን 800 ምልክት ሳይሞላ ይቆርጠዋል፤ ምንም ማስጠንቀቂያ ላይሰጥም ይችላል። ካስቀመጣችሁት በኋላ ገጹን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱትና የመጨረሻው ቃል መኖሩን ተመልከቱ።