ስላይዱን ሸፍነሽ ንገሪኝ

የእህቴ ልጅ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ባለፈው ዓመት የሩብ ዓመቱን የክትባት ሪፖርት በወረዳው ግምገማ ላይ እንድታቀርብ ታዘዘች። ስላይዶቹን ያዘጋጀው ባልደረባዋ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ስለነበር የቀረላት መናገሩ ብቻ ነው። 12 ስላይድ፣ 15 ደቂቃ፣ መዘጋጃው አራት ቀን። ሰው ፊት ስትቆም ከልጅነቷ ጀምሮ ጉሮሮዋ ይደርቃል። ወደ እኔ የመጣችው በእያንዳንዱ ስላይድ ሥር የምትለውን ቃል በቃል ጽፋ፣ ሰባት ገጽ አትማ ነው። «ጋሼ፣ እንዳልረሳ ብዬ ሁሉንም ጻፍኩት» አለችኝ።

እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ድምጿ ዜና እንደሚያነብ ሰው አንድ ወጥ ሆነ። ሦስተኛው ላይ ቀና ብላ አየችኝና ስትመለስ መስመሩ ጠፋባት። ፈላልጋ እስክታገኘው ድረስ ፊቷ ላብ በላብ ሆነ። የሚፈራ ሰው ሁሉንም የሚጽፈው መርሳትን ለማምለጥ ነው፤ ግን ሙሉ ጽሑፍ ይዞ የቆመ ሰው ከሐሳቡ ይልቅ መስመሩን መጠበቅ ይጀምራል። መስመሩ ከጠፋ ደግሞ የሚይዘው ነገር የለም።

ሰባተኛው ስላይድ ሥር ይህ ተጽፎ ነበር። ቁጥሮቹን ለዚህ ጽሑፍ ስል ቀይሬአቸዋለሁ፦

«ምንም እንኳ በሩብ ዓመቱ የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት የወሰዱ ሕፃናት ቁጥር 1,020 የደረሰ ቢሆንም፣ ሁለተኛውን ዙር ከመከታተል አንጻር በእናቶች ዘንድ የሚታየው የግንዛቤ ክፍተት ከፍተኛ ከመሆኑ ጋር ተያይዞ 306 ሕፃናት ማቋረጣቸው ተስተውሏል።»

ለወረቀት ሪፖርት ያልፋል። ለአፍ ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ተናጋሪው «ተስተውሏል» ላይ እስኪደርስ ትንፋሹን መያዝ፣ ሰሚውም እስከዚያ ነገሩን ሁሉ ተሸክሞ መቆየት አለበት። የፈራ ሰው ትንፋሽ ደግሞ አጭር ነው። እህቴ ልጅ «ከመሆኑ ጋር ተያይዞ» የሚለው ላይ ሦስት ጊዜ ቆመች።

ላፕቶፑን ገጠምኩና «ስላይዱን ተዪው፤ እዚያ ላይ ያለው ነገር ምንድን ነው? ለእኔ ንገሪኝ» አልኳት። ስልኬን ድምፅ እንዲቀዳ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ጋሼ፣ ልጆቹ ለዘጠኝ ወሩ ክትባት ይመጣሉ። ለአሥራ አምስት ወሩ ግን ብዙዎቹ ይቀራሉ። እናቶቹን ስንጠይቃቸው ‹በዘጠኝ ወሩ ያለቀ መስሎን› ይላሉ» አለችኝ። ወዲያው የአንዲት እናት ነገር ትዝ አላትና ጨመረችልኝ፤ ለገበያ መጥታ በጤና ጣቢያው በር ስታልፍ ካርዱን አይተው ያስከተቡላትን። አንድም ጊዜ አልተደናቀፈችም። ልብ በሉ፣ ይህን ሁሉ ስትናገር ወረቀት አልያዘችም። የሚያስፈልጋት ማስታወሻ ቀድሞውኑ አፏ ላይ ነበር፤ የእኛ ሥራ ከቅጂው ላይ ለቅሞ መጻፍ ሆነ።

ሰባተኛው ስላይድ ሥር በመጨረሻ የቀረው ይህ ነው፦

«ከአሥር ሕፃናት ሦስቱ ለአሥራ አምስት ወሩ ክትባት አልተመለሱም።»
— ዝም። ሰንጠረዡን ይዩት።
— ሦስት መቶ ስድስት ልጆች
— «በዘጠኝ ወሩ ያለቀ መስሎን»
— የገበያዋ እናት
«ታዲያ ምን አደረግን? ቤት ለቤት ዞርን።»

በሙሉ የተጻፉት የመጀመሪያውና የመጨረሻው መስመሮች ናቸው። ፍርሃት የሚበረታው ስላይድ በሚቀየርበት ቅጽበት ነው፤ አዲስ ነገር ግድግዳው ላይ ይመጣል፣ ሰው ሁሉ ቀና ይላል፣ አንደበት ይያዛል። የተዘጋጀች አጭር ዓረፍተ ነገር ካለች አፉ ይፈታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ይከተላል። መሐል ላይ ያሉት ማሰሪያ የሌላቸው ቁርጥራጮች የሚነበቡ አይደሉም፤ ትዝታ የሚቀሰቅሱ ናቸው። «የገበያዋ እናት» የሚለውን ሁለት ቃል ያየች ነርስ ታሪኩን በራሷ ቃል ትናገረዋለች፣ በየጊዜውም ትንሽ ለየት አድርጋ።

የመጨረሻዋ መስመር ድልድይ ናት። ቁልፉ ከመጫኑ በፊት ትነገራለች። ብዙ ሰው መጀመሪያ ይጫንና «እ... ቀጥሎ ደግሞ...» እያለ አዲሱን ስላይድ ራሱ ማንበብ ይጀምራል። ጥያቄው ቀድሞ ከተነገረ ግን ስላይዱ መልስ ሆኖ ይመጣል።

ቁጥሩን በፊደል የጻፍነው ዓይን አሃዝ ሲያይ አፍ ስለሚዘገይ ነው። ሰንጠረዡ ውስጥ የየቀበሌው ቁጥር በአምስት ዓምድ ተደርድሮ ነበር፤ አንዱንም አላነበበችም። ተሰብሳቢው ማንበብ ይችላል። «ዝም» የሚለው ቃል የተጻፈው ለዚህ ነው። የሚፈራ ሰው ዝምታን እንደ ስህተት ስለሚቆጥረው፣ ማስታወሻው ላይ ሲያየው ፈቃድ ይሆነዋል።

ርዝመቱን ለመወሰን አንድ ደቂቃ አናገርኳትና ከቅጂው ቃላቱን ቆጠርን፤ 80 አካባቢ ሆነ። ለእንግሊዝኛ የሚሰጠው የቃላት ልክ ለአማርኛ አይሠራም፤ «አልነገርኳቸውም» ለእኛ አንድ ቃል ነው፣ በእንግሊዝኛ አምስት ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የራሱን አፍ ይለካ። ከ15 ደቂቃው 12ቱን ብቻ ለመያዝ ወሰንን፤ ለአንድ ስላይድ አንድ ደቂቃ። የተጻፈው ከ30 ቃል እንዳይበልጥ አደረግን፤ ቁርጥራጮቹ ሲነገሩ ይዘረጋሉና።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ደንቡን ጥሰናል። የመክፈቻ ሰላምታው፣ «የተከበሩ» ከሚለው ጀምሮ እንግዶቹን ከነማዕረጋቸው በቅደም ተከተል የሚጠራው፣ ሙሉ በሙሉ ተጽፏል። እዚያ ላይ መሳሳት ሰው ያስቀይማል፤ እሷም ከሁሉ አብልጣ የምትፈራው ይህን ነበር።

ማስታወሻው የሚገባው በፓወርፖይንት ከስላይዱ ሥር ባለው Notes በሚለው ቦታ ነው። ሲቀርብ Presenter View ከተከፈተ ለተናጋሪው ማስታወሻው፣ ሰዓቱና ቀጣዩ ስላይድ ይታያሉ፤ ለተሰብሳቢው ስላይዱ ብቻ። ለዚህ ግን ኮምፒውተሩና ፕሮጀክተሩ አንድ ዓይነት ነገር ማሳየት የለባቸውም፤ የዊንዶውስ ቁልፍና P አብረው ተጭነው Extend መመረጥ አለበት። ይህ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት አዳራሹ ውስጥ ይሞከራል። ፊደሉን ካጎላን በኋላ ማስታወሻው ስክሪኑ ላይ ሳይገፋ ሙሉ ካልታየ በዝቷል ማለት ነው፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ማውስ አይገፋም። መብራት ሊሄድ ስለሚችል በወረቀትም አተምነው፣ በአንድ ገጽ ላይ አንድ ስላይድ ከነማስታወሻው፣ ገጹም ቁጥር ተሰጠው።

ሦስት ጊዜ አለማመድኳት፤ ቁጭ ብላ አይደለም፣ ቆማ። የማየው አንድ ነገር ነበር። ቃሏ ከመጀመሪያው ልምምድ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ እየሸመደደች ነው፤ ሐሳቡ ሳይለወጥ ቃሉ ከተለዋወጠ ማስታወሻው ሠርቷል። በሁሉም ልምምድ የተደናቀፈችው አራተኛው ስላይድ ላይ ነበር። ማስታወሻውን ደጋግመን ብንቀይረውም አልተስተካከለም። በኋላ ሲታይ ስላይዱ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ይዟል፤ የክትባት አቅርቦትንና የሠራተኛ እጥረትን። እንዲህ ያለውን ማስታወሻ አያድነውም። ለሁለት ከፈልነው፤ ስላይዱ 13 ሆነ።

በግምገማው ቀን 13 ደቂቃ ወሰደባት። ድምጿ መጀመሪያ ላይ ተንቀጥቅጧል፣ ሰላምታው ሲያልቅ ግን ተረጋጋ።

በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ተራው የአንድ ወጣት ባልደረባዋ ሆነ። ቁጥሩ ብቻ ተቀየረና ስላይዱን ከነማስታወሻው ሰጠችው። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ «የገበያዋ እናት» የሚለውን አይቶ ዝም አለ፤ እናቲቱን አያውቃትም። እህቴ ልጅ ያንን ማታ ደውላ ነገረችኝ። «ላፕቶፑን ገጥሜ ‹ይሄ ስላይድ ምን ይላል?› አልኩት» አለችኝ። «እሱ ደግሞ ሌላ ቤት ሄዶ ያያቸውን አባት ነገረኝ። እሱን ጻፍንለት።»